ያልተከፈለበት ከበሮ

የሻረግን ዳንግላ ገበያ መንገድ ላይ ባጃጅ ገጭቷት፣ የቀኝ እጇ ጣቶች አልታጠፍ አሏት። ጠበቃዋ አቶ ትዕዛዙ ክሱን ሲያረቅ የሕክምና ደረሰኞቿንና ከድንች ንግዷ የቀረባትን ገቢ ቀድሞ አሰፈረ።

«ሌላስ ምን አጡ፣ እማማ?» አላት።

«ከበሮዬን» አለችው። ከኮረዳነቷ ጀምሮ ግምጃ ቤት በሚባለው መንደሯ ዙሪያ ያለ እሷ ሠርግ አይደምቅም ነበር። ሙሽራዋ በበቅሎ ስትመጣ፣ እልልታው፣ አቧራው፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«ይከፈልዎት ነበር?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ።»

«እንግዲያው ይሄ የሕሊና ጉዳት ነው፤ ሕጉ ለእሱ ከአንድ ሺህ ብር በላይ አይፈቅድም። የገቢ ማጣት ቢሆን ግን በማስረጃ የተረጋገጠው ሁሉ ይካሳል።»

አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ሰርክአዲስ ጣልቃ ገባች። «በየሠርጉ ይከፈላት ነበር ብዬ እመሰክራለሁ።»

የሻረግ ራሷን ነቀነቀች። «የአገሬን ልጆች የዳርኩት በፍቅር ነው። ተቀጥሬ ነበር አልልም።»

ፍርድ ቤቱ የሕክምና ወጪዋንና ከንግዷ የቀረባትን ገቢ በሙሉ ፈረደላት፤ ለሐዘኗ ደግሞ አንድ ሺህ ብር። ከችሎት ስትወጣ በግራ እጇ ጭኗን መታ መታ እያደረገች፣ የድሮ የሠርግ ዜማ ታንጎራጉር ነበር።