ሴፕቴምበር መስከረም አይደለም

የቆርቆሮ ፋብሪካው ዳሽቦርድ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ ጠራው፤ በዚህ የተነሳ የመቁረጫ ክፍሉ አዲስ አለቃ መንጋጋው ተሰበረ።

የሰበረው ግንዱ ነው። ግንዱ ቆርቆሮ ጫኝ ነው፤ ትከሻውን ያየ ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ታናሽ ወንድሙ መስከረም ላይ መቁረጫ ክፍል ተቀጠረ፤ ገና ሥራውን ሳይለምድ ማሽኑ ሦስት ጣቱን በላው። ግንዱ መጀመሪያ ዕድሉን ረገመ። በኋላ ግን ምሳ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዳሽቦርዱን ስክሪን አየ። የተጎዱ ሠራተኞች ብዛት በየወሩ በቀይ ዘንግ ይታይበታል። የነሐሴ ዘንግ ድንክ ነው፤ የመስከረም ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። አዲሱ አለቃ ደግሞ ክፍሉን የተረከበው መስከረም አንድ ነው።

«አንተ ሰው በላ! ከመጣህ ወዲህ እኮ ነው!» አለና እዚያው ምሳ ቤት የአለቃውን አንገት ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንዴ ቢሆን ኖሮ ጥርስ ብቻ በሄደ። ደገመው። ሲደግመው የተሰማው ድምፅ ማንኪያ ያነሳውን ሁሉ ማንኪያውን አስጣለው።

ሠራተኛው «ስክሪን» እያለ የሚጠራት ወጣት የዳታ ባለሙያ ፎጣ ይዛ የአለቃውን አፍ ደገፈች። ፎጣው ወዲያው ቀላ።

«ስረከበው…» አለ ሰውዬው በደም መሃል፣ «ክዳን አልነበረውም።»

ክዳን የሚለው የመቁረጫ ማሽኑ ምላጭ ላይ የሚገጠመውን የእጅ መከላከያ ነው። ብዙ ጊዜ ተናግሯል፤ የሰማው የለም። ስክሪኑ ሌላ ይል ነበራ።

ወደ ቢሮዋ ሮጠች። ዳሽቦርዱን የሠራው ከእሷ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ ሠርቶት ሄደ፣ እሷም እንዳለ ተረከበችው። ኮዱን ከፈተችና ተሳደበች። የፋብሪካው ክሊኒክ ኮምፒውተር የጉዳት ቀን የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጁ መዝገቦቹን ስቦ በፈረንጅ ወር ከከፋፈላቸው በኋላ ስም ብቻ ለጥፎባቸዋል፤ ኦገስትን ነሐሴ፣ ሴፕቴምበርን መስከረም። በወሬ ሁላችንም እንደዚያ እንላለን፤ የሚጎዳው ሰው የለም። እሱ ግን ወሬውን ኮድ አደረገው። አሥራ ሁለት ስም ደርድሯል፤ ጳጉሜ የለችም።

በዚያ ዓመት መስከረም የጠባው ሴፕቴምበር 11 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የሴፕቴምበር ቀናት ግማሾቹ የነሐሴ ጅራት ናቸው፣ ግማሾቹ ጳጉሜ። እሷ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው፤ መጀመሪያ እያንዳንዱን መዝገብ ወደ እኛ ቀን ለወጠች፣ ከዚያ በወር ከፋፈለች። የመስከረም ዘንግ ተኮማተረ። የነሐሴ አደገ። በሁለቱ መሃል ጳጉሜ ብቅ አለች፤ የአምስት ቀን ወር፣ ከሁሉም የረዘመች።

በነሐሴና በጳጉሜ የመቁረጫ ክፍሉ አለቃ ማን ነበር? ዛሬ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሰው።

እሱም ብዙ አልቆየም፤ በቢሮው ኮምፒውተር አይቶት ሳያንኳኳ ገባ።

«የኔ እህት፣ ያቺን ቁራጭ ወር ከመስከረም ጋር ለጥፊያት። አሥራ ሁለት ዘንግ ነው ለዓይን የሚያምረው።»

«ለዓይን? የልጁ ጣት ለዓይን ያምራል?»

«ትዕዛዝ ቸኩሎብን ነበር። ክዳኑ ሥራ ያጓትታል፣ አስነሳሁት። ማን ያላደረገው ነው? በይ አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

የላፕቶፑን ክዳን በሁለት እጁ የቀኝ እጇ ጣቶች ላይ ደፈጠጠው። ጮኸች። ሰውዬው አልለቀቀም፤ በክብደቱ ተጫነው።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ዘገየህ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ምሳ ቤት ያለው ስክሪን በራሱ ነው የሚታደሰው።»

ያኔ ለቀቃት። ኮሪደሩ ላይ የብረት ዘንግ ወለሉን እየፋቀ ሲመጣ ይሰማል። ግንዱ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙ ላይ ያለው የአዲሱ አለቃ ደም ገና አልደረቀም።

«ስክሪን፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እታች ያለችው ጳጉሜ ምንድን ናት?»

«ወንድምህ ሳይቀጠር በፊት፣ በዚህ ሰውዬ ዘመን ነው ሰው መቆረጥ የጀመረው። አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ደበደብክ።»

«ፈርቼ አይደለም። አላወቅሁም ነበር።»

«አሁን አወቅህ።»

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ታክኮ ቆመ። «ስህተት ነው በይው! የኮምፒውተር ስህተት ነው በይው፣ እናቴ! ልጆች አሉኝ!»

ስክሪን ሰውዬውን አየችው፤ ቀጥላ ያበጡትን ጣቶቿን። አንዱ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

«ስህተቱን አርሜዋለሁ» አለች።

ላፕቶፑን ብብቷ ስር ሸጎጠች፤ በግንዱ ጎን አልፋ ወጣች፤ በሩን በደህናው እጇ ዘጋችው።