ሁሉም ደራሲዎች ተስማምተዋል

ሰኞ ጠዋት ሸዋገነት ወረቀቱን ከሁለት ካርቦን ጋር ታይፕራይተሩ ውስጥ አስገብታ ዶክተር በላቸው በእርሳስ የሞነጫጨሩትን ረቂቅ መተየብ ጀመረች። ጽሑፉ አልቋል፤ ሠንጠረዡም ካርታውም ተጣጥፎ ፖስታው ውስጥ ገብቷል። የቀረው አውሮፓ ላለው መጽሔት አዘጋጅ የሚሄደው ሸኚ ደብዳቤ ብቻ ነው።

«ክቡር አዘጋጅ ሆይ» ይላል ረቂቁ፤ «በመገጭ ወንዝ ከላይ እስከ ታች ስለሚገኙት የዓሣ ዝርያዎች ስብጥር ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ለመጽሔትዎ ልከናል። ጽሑፉ ከዚህ በፊት አልታተመም፤ ለሌላ መጽሔትም አልቀረበም። ሁሉም ደራሲዎች አንብበው ተስማምተዋል። ዓሣዎቹ በየጣቢያው በአንድ ዓይነት መረብ የተያዙ ሲሆኑ፣ ማየት ለሚሻ ባለሙያ በክፍላችን ተቀምጠዋል።»

ደራሲዎቹ ሦስት ናቸው፤ የሥነ ሕይወት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር በላቸው፣ ረዳት መምህሩ ክንዴና የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ እሷ። ስሟ በመጨረሻ የገባው በክንዴ ውትወታ ነበር። «ዓሣውን አንድ በአንድ የለየችው እሷ፤ ስሟን ትተን ልንልክ ነው እንዴ?» ብሎ ዶክተሩን የሞገተው እሱ ነው። ያን ቀን እሷ አንገቷን ደፍታ የመስተዋት ሳህን ስታጥብ ነበር፤ ሳህኑን ደጋግማ አጠበችው።

ክንዴ ለዚህ ደብዳቤ ከማንም በላይ ቸኩሏል። ውጭ አገር ሄዶ የሚማርበትን ቦታ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ፣ ጽሑፍ ለመጽሔት ማቅረቡን የሚያስረዳ የደብዳቤ ግልባጭ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲደርሰው ጠይቋል። ፖስታውም ግልባጩም ረቡዕ በሚነሣው አውሮፕላን ካልሄዱ አይደርሱም።

ሸዋገነት መጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ከመተየቧ በፊት ተነሣች። «ተቀምጠዋል» ብሎ ለፈረንጅ ጽፎ አንድ ጠርሙስ ቢጎድል ዶክተሩ አይምሩም። ፎርማሊን የሚከረፋውን ዕቃ ቤት ከፍታ ጠርሙሶቹን ከሠንጠረዡ ጋር ማመሳከር ያዘች። ከከተማው በላይ የተያዙት አሉ፤ ከአዘዞ በታችም። የመጨረሻው ጠርሙስ ወንዙ ደምቢያ ሜዳ ላይ ከሚንጣለልበት ከታችኛው ጣቢያ የመጣው ነው። እዚያ እሷ አልነበረችም። ማደሪያው ድንኳን ስለነበር «ለሴት ልጅ አይሆንም» ተብላ ቀርታ፣ ክንዴ ብቻውን ነበር የሄደው። የመጣላትን ዓሣ በዝርያ ለይታ ቆጠረች እንጂ እንዴት እንደተያዘ ልብ ብላ አላየችም ነበር።

አሁን አየች።

መረብ የያዘው ዓሣ ምልክት አለው። ጭንቅላቱ ያልፍና ሰውነቱ የመረቡ ቀዳዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሲታገል ክሩ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ ኋላ ይሰምርበታል፣ ቅርፊቱንም ይልጠዋል። የላይኞቹ ጣቢያዎች ዓሣዎች ሁሉ ያ መስመር ነበረባቸው። የታችኛው ጣቢያ ዓሣዎች ግን ትልቁም ትንሹም ቅርፊቱ አልተነካም። ደግሞም በአፏ ድንጋይ ላይ የምትለጠፈው፣ ከጣት የማትበልጠው ዓሣ መዓት ናት። ይህች ዓሣ እንኳን በእነሱ መረብ፣ ከዚያ በጠበበውም ሾልካ ታልፋለች።

የጽሑፉ ግኝት ደግሞ ይኸው ነበር፤ ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ የዝርያው ዓይነት ይበዛል፣ ይልቁንም ትንንሾቹ።

ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፋ ስትወጣ ክንዴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምነው? ልታስጠምቂያቸው ነው?» አለና ሳቀ።

«ክንዴ፣ እነዚህ መረብ ገብተዋል?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየ። «ግቢ ወደ ውስጥ።»

በሩን ዘጋው። «መረቡ ገና ስጥለው ግንድ ይዞት ተተረተረ። ምን ላድርግ? ባዶ እጄን ልመለስ? ሁዳዴ ነበር፤ ለጾሙ ዓሣ የሚሹ ያገሩ ሰዎች ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬው ውስጥ ነስንሰዋል። ዓሣው ሰክሮ እየተንሳፈፈ ነው። በእንቅብ እየቀዳሁ ሞላሁ።»

«ብርብራ እኮ ሁሉንም ነው የሚያወጣው። መረብ ትልቁን መርጦ ይይዛል። ላይ በመረብ፣ ታች በብርብራ ይዘን ታች በዛ ብንል…»

«ዓሣው የመገጭ ዓሣ አይደለም? ከየትም አላመጣሁት።»

«መኖሩማ አለ። ላይ አለመኖሩን ነው የማናውቀው። ላይም ብርብራ ቢነሰነስ ያችው ትንሿ ትወጣ ይሆናል።»

ይህን እሱ ራሱ ነበር ያስተማራት፤ ሁለት ቦታ ልታወዳድሪ አንድ ወጥመድ ያዢ እያለ።

«ሸዋዬ» አለ ዝግ ብሎ፤ «ረቡዕ ይሂድ። በሚመጣው በጋ ወርደን እናርመዋለን። ማን ይመረምረዋል? ያ አዘጋጅ መገጭን ባይኑ አይቶታል?»

«አላየውም። ለዚያ እኮ ነው በደብዳቤ የምንነግረው።»

«እንግዲህ ንገሪው!» ብሎ በሩን በኃይል ከፍቶ ወጣ።

ተመልሳ መተየብ ቀጠለች። «በአንድ ዓይነት መረብ» እሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ስሟን ከመጨረሻው ረድፍ አውጥታ ዝም ብትልስ? ይህን ለረጅም ጊዜ አሰበችው። ጥሩ መውጫ መስሏት ነበር። ግን ወረቀቱን የምትተይበው ያቺው እጅ ናት። በመጨረሻ አዲስ ወረቀት አስገብታ «የታችኛው ጣቢያ ዓሣዎች በብርብራ የተያዙ ስለሆኑ ከሌሎቹ ጋር አልተወዳደሩም» ብላ ጻፈችና ለዶክተር በላቸው ወሰደችላቸው።

ዶክተሩ ሁለቴ አነበቡት። ጠርሙሱንም አስመጥተው ዓሣዎቹን በመቆንጠጫ እያወጡ ከስንጥባቸው ኋላ አዩ። ቆይተው ክንዴን አስጠሩት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው ዶክተር።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ጣቢያው ከንጽጽሩ ይወጣል። የሚቀረው ከስቶ ይሂድ፤ ቢመልሱትም ይመልሱት። ለረቡዕ ይደርሳል። ስምህ ይኖራል፣ ግልባጩም ያንተ ነው። ብርብራው ግን ይጻፋል።»

ሸዋገነት እፎይ አለች። ቀና ብላ ክንዴን ስታየው ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«እዚያ ብቻዬን የሄድኩት እኔ መሆኔን ግቢው ሁሉ ያውቃል» አለ። «ደብዳቤው ብርብራ ሲል ክንዴ ማለቱ ነው። ግልባጩን ለሚቀበሉኝ ሰዎች ላሳያቸው? ይህን ውሸታም ተቀበሉልኝ ብዬ?»

«ስሕተቱን ማረም ውሸት አይባልም» አሉ ዶክተሩ።

«አልስማማም። ስሜን አውጡልኝ።»

«ክንዴ፣ ያለ ጽሑፍ ቦታውን ይነሡሃል።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።» እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሸዋገነት ተከትላው ሮጠች፤ ሮጣ የማታውቅ ልጅ። ደረጃው ላይ ደረሰችበት። «ክንዴ፣ እባክህ። ዛሬ ተናድደህ ነው። ነገ ትጸጸታለህ።»

«እኔ ስምሽን ሳስገባ» አለ ፊቱን ሳያዞር፤ «የኔን ታስወጪያለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔ አላስወጣሁትም።»

«አዎ። እኔው ነኝ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።» ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወረደ።

ማክሰኞ አልመጣም። ተላላኪው ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲመለስ «ግድ የለም፣ ስሜን አውጥተው ይላኩት ብሏል» አለ። ዶክተሩ እስከ ምሳ ጠበቁ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ «ተይቢው ልጄ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅም» አሏት።

ተቀመጠች። ርእሱን፣ የተላከበትን ምክንያት፣ መረቡንና ብርብራውን በየመስመሩ አሰፈረች። አንድም ፊደል አልተሳሳተችም። ስለ ደራሲዎቹ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ «ሁሉም» የሚለው ቃል እጇ ላይ ከበደ። የክንዴ ስም ስለወጣ ከሥሩ የሚፈርሙት እሷና ዶክተሩ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አንብበዋል፣ ሁለቱም ተስማምተዋል። በረቂቁ እንደ ተባለው ጻፈችውና ወረቀቱን ስባ አወጣች። ዶክተሩ ፈረሙ። ብዕሩን ሲያቀብሏት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከዚያ ፈረመች።