ሳያለከልኩ ማውራት

ሰው በሃምሳ ዓመቱ መሮጥ የሚጀምረው ወይ ሐኪም ሲያስፈራራው ነው፣ ወይ ቅናት ሲያንገበግበው። ልብስ ሰፊው ሐኪም ቤት ሄዶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በራሱ ጥፋት ነው። ሚስቱ አንድ ምሽት "ጠዋት ጠዋት አብረን ሶምሶማ ብንሮጥስ?" ብትለው፣ ከስፌት መኪናው ቀና እንኳ ሳይል "ማን አባሮኝ?" ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ከሚኖረው የስፖርት አስተማሪ ጋር መሮጥ ጀመረች። ሰውዬው ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ነው። የልብስ ሰፊው ሆድ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ በር ይገባል።

መሮጧን እንኳ ይችለው ነበር። ያልቻለው ወሬዋን ነው። በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ድምፅዋ እስከ አልጋው ድረስ ይሰማዋል፤ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ ታወራለች። ከእሱ ጋር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ኖራ፣ አሁን አሁን የምትነግረው ውሃ መጥፋቱን ብቻ ነው። "ምን ቢያገኙ ነው እንዲህ የሚያወሩት?" እያለ ብርድ ልብሱን ይነክሳል።

ስለዚህ ሊደርስባቸው፣ ደርሶም ጥሏቸው ሊያልፍ ቆረጠ። ሱቅ በጊዜ እከፍታለሁ ብሎ ይወጣና በሌላው አቅጣጫ፣ በአንድ መጋዘን አጥር ሥር ይሮጣል። ሶሉ ባለቀው ሸራ ጫማው ፋንታ አዲስ መግዛት ሲገባው፣ ባለሙያ ነኝ ብሎ የኮት ትከሻ ስፖንጅ ከተረከዙ ሥር ሰፋበት። በመጀመሪያው ጠዋት እንደተባረረ ሌባ ፈተለከ። መቶ ሜትር ሳይሞላ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ውጋት ቀስፎ ያዘው፤ አጥሩን ተደግፎ አለከለከ። በማግስቱ ደገመው። በሦስተኛው ቀን ስፖንጁ ተንሸራቶ ተረከዙን ውሃ አስቋጠረው፣ የቅልጥሙም ፊት እንደተቀጠቀጠ ያመው ጀመር። ደረጃውን በጎኑ ነበር የሚወርደው።

ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቱ ሱቅ መጥታ ሲያነክስ አየችው። ጫማውን አስወልቃ ስፖንጁን በሁለት ጣቷ አወጣችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"የኮት ትከሻ ነው።"

"እግርህ ትከሻ አለው እንዴ፣ የኔ ወንድም?" ስቃ ስትጨርስ ተቆጣች። "ሕመሙ እስኪተውህ ሳምንት አርፈህ ተቀመጥ። ደህና ጫማ ግዛ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ስምንት ጊዜ ትደግመዋለህ። በየሁለት ቀኑ ብቻ። እርምጃህን አሳጥር። ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀስ በል።"

የመጨረሻዋን ነገር ሲሰማ ገባው። ለካ ወሬው የሩጫው ደንብ ነው። ቅናቱ ግን ደንብ መሆኑን ሰምቶ አልበረደለትም፤ ያን ሁሉ የምታወራው አሁንም ከሌላ ሰው ጋር ነው።

እህቱ እንዳለችው አደረገ። ብቻውን ስለሆነ ትንፋሹን ለመለካት የደንበኞቹን የወገብ ልክ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ሮጠ፣ በአራተኛው አምስት። ወገቡን በሜትር ለካ፤ አንዲት ጣት አልቀነሰም፣ ተናደደ። ደረጃውን ግን መሐል ላይ ሳያርፍ መውጣት ቻለ። እንቅልፉ ጠለቀ፣ ደንበኛ መገላመጥም ተወ።

በስድስተኛው ሳምንት የመንገዱ ማዕዘን ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲያልፉ ከኋላ ተነሣ። ሃያ ደቂቃ ሳያርፍ የሚሮጥ ሰው፣ የሚስቱን ሳቅ ሲሰማ የተማረው ሁሉ ጠፋበት፤ ፈተለከ። ደረሰባቸውም።

"ደህና አደርክ?" አለው አስተማሪው።

አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። ውጋቱ ተመልሶ ቀሰፈው፤ ጎንበስ ብሎ ቆመ። አስተማሪው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየና "በሉ፣ እኔ ትንሽ ልፍጠን" ብሎ ሄደ።

ሚስቱ አዲሱን ጫማ አየች። ቀስ ብለው ተራመዱ፣ ትንፋሹ ሲመለስ ሶምሶማ ጀመሩ። ማውራት አለበት፤ የሚያወራው ግን አጣ። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቀናሁ" አለ። ሳያለከልክ ወጣለት። "ሁለት ወር ሙሉ በቅናት ነደድኩ።"

"ታዲያ በመስኮታችን ሥር ስናልፍ ለምን እንደምጮህ አልገባህም?" አለችው። "ትነሣለህ ብዬ ነበር እኮ። በኋላ ግን እሱ ስለሚሰማኝ አወራሁ። ውሸት ምን ያደርጋል።"

ይህኛው ከውጋቱ በላይ ወጋው። ቢሆንም አልቆመም።

"እስቲ ለኔም አውሪልኝ።"

"አንተ ጀምር። እኔ ሁለት ወር አውርቻለሁ።"

ጀመረ። ስለ ኮት ትከሻው ስፖንጅ ነገራት፣ ስለ አጥሩ፣ ጮክ ብሎ ስለሚቆጥረው የሰው ወገብ ነገራት። እሷ ሳቀች። በመስኮታቸው ሥር ሲያልፉ፣ አልጋው ላይ ማንም እንደሌለ እያወቀ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።