ዱካ ያለችው ልጅ

አርታኢዋ በቃል የምትተዳደር ሴት ናት። የሰው ስህተት ከሩቅ ይሸታታል፤ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ከገባች ቀኑን ሙሉ ይከፋታል። እንዲህ ያለችው ሴት ከጥፋቶቿ ሁሉ የከፋውን ያጠፋችው ግን አንድም ቃል ሳትጽፍ ነው። ዝም ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች የቃላት ችሎታ የሚለካበት ፈተና ለመላ አገሪቱ እንዲዘጋጅ ታዘዘና አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ፈታኟ አርባ ሥዕሎች ያሉበትን ጥራዝ እየገለጠች «ይኼ ምንድን ነው?» ትላለች፤ ልጁ ስሙን ይናገራል። ሥዕሎቹ ከቀላል ወደ ከባድ ስለተደረደሩ፣ ልጁ አራት ጊዜ በተከታታይ ከሳተ ከዚያ በላይ አያውቅም ተብሎ ጥራዙ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ የወጣው በከተማ ልጆች ላይ ተሞክሮ ነው። የትኛው መልስ ልክ፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ የሚወስነውን መመሪያ የምታሰናዳው ደግሞ አርታኢዋ ነበረች።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው። ለመማሪያ መጽሐፍ ሲሆን ብዙው ሰው የሚረዳው አንድ ቃል ተመርጦ፣ የሌላው አካባቢ ስም በግርጌ ይገለጻል፤ ለፈተና ግን ልጅ በእናቱ ቤት የሰማው ስም ሁሉ ልክ ነው ብለው ገና በመጀመሪያው ቀን አስረድተዋል። ስለዚህ በየሥዕሉ «ሌላ ስም የሚያውቅለት አለ?» ይላሉ። ክብሪት ላይ ሲደርሱ ክርቢት ተጨመረ። ቢላዋ ላይ አንዱ የኮሚቴ አባል ምንም ሳይቀፈው «እኛ ጋ ካራ ነው» አለና ተጻፈለት።

አስራ አራተኛው ሥዕል ሦስት እግር ያላት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ነበረች። በርጩማ።

በአርታኢዋ አገር ያቺ መቀመጫ ዱካ ነው የምትባለው። ወንድሟ አናጢ ነው፤ ሲሠራት ይውላል። ግን አርታኢዋ አስራ ሁለት ዓመቷ ላይ ለትምህርት ወደ ከተማ በመጣች በሳምንቷ ክፍል ውስጥ «ዱካ አቀብሉኝ» ብላ ነበር። ለከተማ ልጆች ዱካ ማለት የእግር ኮቴ ነው፤ «የጅብ ነው የቀበሮ?» ብሎ አንዱ ጠየቀና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እስክትመረቅ ድረስ ስሟ «ዱካ» ሆኖ ቀረ። አነጋገሯን እንደ ሩዝ ለቅማ አጠራች፤ የቀረ ጠጠር አልነበረም።

«ሌላ ስም የሚያውቅለት?» አሉ ሰብሳቢው።

ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው አባል ሊስቅ የተዘጋጀ መሰላት። «በርጩማ ይታወቃል» አለች፤ ገጹም ተገለጠ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሷ ግን ነቀዘ።

በዓመቱ ወንድሟ ደወለ። ሴት ልጁን፣ ስድስት ዓመት የሞላትን ወሬኛ፣ ቤተሰቡ «ራዲዮ» ነው የሚላት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ። «እትዬ» አላት፣ «ራዲዮናችን ጠፋች። ፈተናውን ወደቀች፤ ከአራት ዓመት ልጆች ጋር ቀለም እየቆጠረች ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አትናገርም።»

አርታኢዋ ቅዳሜ ሄደች። ወንድሟ ከፍቅፋቂው መሃል ተነስቶ እጁን ጠርጎ ሳማትና የልጅቱን የፈተና ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ጓንት፣ ዜሮ። ፍሪጅ፣ ዜሮ። ሶኬት፣ ዜሮ። ከዚያ አስራ አራተኛው፤ ፈታኟ እንደ ደንቡ ልጅቱ ያለችውን ቃል በቃል ጽፋዋለች፦ «ዱካ»። አጠገቡ ዜሮ፣ ከሥሩ ቀይ መስመር። ሃያ ስድስቱን ሥዕሎች ልጅቱ አላየቻቸውም።

ወንድሟ ወረቀቱን እያየ በረጅሙ ተነፈሰ። «ታዲያ ይኼ ካልሆነ» አለ፣ አጠገቡ የተደረደሩትን ዱካዎች በእጁ እያሳየ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ የኖርኩት ምንድን ነው? ማነው እንዲህ ያለ መመሪያ የጻፈው?»

«ኮሚቴ ነው» አለች።

ኮሚቴ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ አገር ይችላል። እሷ ግን ያን ቀን ብትደበቅበትም አላስቻላትም። ልጅቱ ጥግ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አክስቷን ሳመቻት እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። አርታኢዋ አፈረች።

ሰኞ ሰብሳቢው ቤት ሄደች። ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያን ቀን አልነበርሽም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ቃሉን ታውቂው ነበር?»

«ያደግኩበት ነው፣ መምህር። እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው።»

ቢቆጧት በተሻላት ነበር። መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አጠለቁና «እኔ አላውቀውም ነበር፤ አለማወቅ ይታረማል» አሉ። ሌላውን ለሷ ተዉላት። ከዚያ ኮሚቴው ተጠራና ሁሉም ፊት ደግማ ተናገረችው። ማዶ የተቀመጠው አባል አልሳቀም። «ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ፤ አንድ ቃል አይደለም እንዴ፣ ምን አስፈራሽ?» አለ ብቻ። ያ አነጋገር ከሳቅ ይልቅ አመማት፤ እውነትም አንድ ቃል ነበር።

ዱካ መመሪያው ላይ ተጨመረ። ዱካ ከሚባልበት አገር የመጣው ያለፈው ዓመት ወረቀት እንዲመረመር ተወሰነና አርታኢዋ ሥራው ለሷ እንዲሰጣት ጠየቀች። ሦስት ቀን መዝገብ ቤት ተቀምጣ አገላበጠች። ዱካ ብለው ዜሮ የተሰጣቸው ሁለት መቶ አስራ አራት ልጆች ነበሩ። ሠላሳ ሰባቱ በዚያው ቃል ጥራዙ ተዘግቶባቸዋል። የሠላሳ ሰባቱንም ስም በእጇ ገለበጠችና ዳግም እንዲፈተኑ ደብዳቤ ጻፈች። የወንድሟ ልጅ አስራ ዘጠነኛዋ ናት።

አክስት ስለሆነች ልጅቱን የፈተነቻት ሌላ ሴት ናት፤ አርታኢዋ ከኋላ ትንፍሽ እንዳትል ተነግሯት ተቀመጠች። ልጅቱ በቀስታ ጀመረች። ሶኬትን አሁን አወቀችው። አስራ አራተኛው ሥዕል ተገለጠ።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ሥዕሉን አየች። እጇ የተቀመጠችበትን ወንበር ጫፍ ያዘ። የአናጢ ልጅ ናት፤ ይህችን ነገር መዳህ ሳትጀምር ታውቃታለች።

«አላውቀውም» አለች።

ፈታኟ ዜሮ ጽፋ ገለጠች። ልጅቱ ሌሎቹን እየመለሰች እስከ ሠላሳ አንደኛው ደረሰች። አልፋለች። አባቷ ውጭ ሲነገረው በደስታ ዘሎ ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ራዲዮ ግን እጁን ይዛ ዝም።

አርታኢዋ ልጅቱ ፊት ተንበረከከች። «የኔ እመቤት፣ ያቺን መቀመጫ ለምን አላውቃትም አልሽ?»

«ዱካ ስል ጊዜ መጽሐፉን ዘጉብኝ» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ። «መጥፎ ቃል ነው፣ አክስቴ። አንቺም አትይውም።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ኮሚቴ የሚባል የሚደበቁበት ነገር እዚያ አልነበረም።

«መጥፎ አይደለም» አለች አርታኢዋ። «እኔ ፈርቼ ነው የማልለው። መጽሐፉንም የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች፤ ምሕረት አላደረገችም፣ አልተቆጣችምም። «እስቲ በይው» አለቻት።

መንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል። አርታኢዋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ዱካ» አለች፤ ቃሉ ግን እንደ አገሯ ሰው ሆኖ አልወጣላትም። ጮክ ብላ ሁለተኛ ሞከረች።