ከታች ያለው አረንጓዴ በተን

ጥፋቴን ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። ይህን የምለው ከእኔ በፊት እናቴ እንዳትናገረው ነው።

ሰመራ ውስጥ ከአንድ የስልክ ጥገና ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ተቀምጬ፣ ሎጊያ ላለው የጭነት መኪና ሹፌሮች ማኅበር የሠራሁት አፕ አለ። ከመሀል አገር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር ሎጊያ ሲደርስ አፑን ይከፍትና ከታች ያለውን «ደርሻለሁ» የሚል አረንጓዴ በተን ይጫናል። በቃ፣ ተራ ያዘ። በተቀጠረለት ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ያልተጫነ ተራው ያልፈዋል፤ ሦስቴ ያለፈው ደግሞ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሹፌር ደግሞ መኪናው ለሌላ ይሰጥበታል። ቢሮ ያለ ሰው ለወዳጁ ተራ እንዳያድል፣ በተኑ ከሹፌሩ ስልክ ካልተጫነ እንዳይሠራ አድርጌዋለሁ። እኔ ራሴ እንኳ ልነካው አልችልም። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

ባለፈው ወር አፖች የሚወርዱበት መደብር ለአዲሱ አንድሮይድ ያልተስተካከለ ሥሪት አልቀበልም አለ። እኔም አስተካከልኩ። በአዲሱ አሠራር አፕ ስክሪኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። የማኅበሩን አርማ የካሜራው ቀዳዳ እንዳይበላው ከላይ ቦታ ተውኩለት፤ አለቆች አርማ ያያሉና። ታችኛውን በራሴ ስልክ ሞከርኩት። በተኑ ቦታው ላይ ነው፣ ስነካው ይሠራል። ለቀቅኩት።

ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ። አብዛኞቹን «ኔትወርክ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። ጋሼ በላይ ግን በተቀጠረበት ቀን ሁሉ ደወለ። የአዋሽ ሰው ነው፣ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ የነዳ።

«ልጄ፣ በተኑ የለም» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ከታች ነው ጋሼ፣ በደንብ ይዩት።»

«አየሁት እኮ። የለም።»

«አጥፍተው ያብሩት።»

«እሺ ልጄ» ብሎ ዘጋ። ተራው አለፈው። በሁለተኛው ቀን ያንኑ አለ፣ ያንኑ አልኩት። ለጓደኛዬ ለኸሊዳ «እነዚህ ሹፌሮች አዲስ ስልክ ይገዛሉ፣ መነጽር አይገዙም» ብዬ ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ደውሎ ያንኑ ነገረኝ፣ እኔም ያንኑ መለስኩ። አምስት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ እስክንድር ደወለ።

«በላይ ዛሬም አልተጫነም። ስድስት ሰዓት ላይ ልሰርዘው ነው። ሰውዬው በተኑ የለም እያለ ነው፤ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አለ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ፤ ማን መቼ አፑን እንደከፈተ ይመዘግባል። በላይ ከማለዳ ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ከፍቷል። ሰነፍ ሰው ዘጠኝ ጊዜ አይከፍትም።

«መጣሁ» አልኩትና ባጃጅ ይዤ ወደ ሎጊያ በረርኩ።

ሎጊያ መንገዱ ዳር ሁለት ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት አሉ። በወዲህ የእትዬ አሪፋ ነው፣ ሙስሊሞቹ ሹፌሮች ሥጋ የሚበሉበት። በወዲያ የኩኩ ነው፣ ክርስቲያኖቹ የሚበሉበት። ሁለቱ ሴቶች ጨውና ከሰል ይበዳደራሉ፤ ቢላቸው ግን ለየብቻ ነው። ጋሼ በላይ ኩኩ በር ላይ ምግቡን ሳይነካ ስልኩን አፍጥጦ ሲያይ አገኘሁት።

ስልኩን ተቀበልኩት። ከታች የስልኩ የራሱ ሦስት ምልክቶች፣ መመለሻው፣ ክቡና ካሬው፣ ደብዘዝ ያለ ንጣፍ ላይ ተሰልፈዋል። ከንጣፉ በላይ ክር የምታህል አረንጓዴ መስመር ትታያለች። በተኔ ከሥራቸው ተቀብሯል።

ያኔ ገባኝ። እኔ ስልኬን የማዘው ጣቴን በማንሸራተት ነው፤ የእኔ ስክሪን ግርጌ ላይ ያለችው አንዲት ቀጭን መስመር ናት፣ በተኑን አትጋርደውም። ሹፌሮቹ ግን የለመዱት በሦስቱ ምልክቶች ነው። ስልካቸው አሮጌ የሆኑት ደግሞ አዲሱ አንድሮይድ ስለሌላቸው ምንም አልገጠማቸውም። ለጋሼ በላይ ግን ልጁ አዲስ ስልክ ገዝታለት ነበር።

አረንጓዴዋን ክር ልጫን ስል ጣቴ ክቡን ነካና አፑ ተዘጋ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ተዘጋ። ለስድስት ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ኮዱን አርሜ በመደብሩ በኩል እስኪደርሰው ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል። ሰው እንዳያጭበረብር የዘጋሁት በር በራሴ ላይ ተዘጋ።

«ያቺ በተን እንቢ ብላ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አሪፋ ናት፤ ከባጃጁ ወርጄ ስሮጥ አይታኝ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መንገዱን ተሻግራ መጥታለች። «አጋድሚው እንጂ የኔ እናት።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ከላይ ወደ ታች ስባ ስክሪን የሚያዞረውን ከፈተችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወደ ጎን አጋደመችው። ሦስቱ ምልክቶች ወደ ቀኝ ጫፍ ሄዱ። ከታች «ደርሻለሁ» የሚለው በተን ከነአረንጓዴው ወጣ።

«ይጫኑት ጋሼ» አልኩ። ተጫነው። «ተራዎ ተይዟል» አለ ስልኩ።

ጋሼ በላይ ዓይኑን ጨፍኖ «ተመስገን» አለ። አሪፋ «አልሃምዱሊላህ» አለች። እኔ ሁለቱንም አልኩ መሰለኝ።

«እንዴት አወቁት እትዬ?»

«አንዱ ሹፌር ተናዶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲወረውረው ተጋደመና ታየኝ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ሲበሉ እኔ አጋድምላቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ እንዲያ አድርገሽ የሠራሽው መስሎኝ ነዋ።»

አንድ ወር ሙሉ መፍትሔው መንገዱን አልተሻገረም፤ አሪፋ ቤት የሚበላ ተራ ሲይዝ፣ ኩኩ ቤት የሚበላ ተራው አልፎታል። አላህ ይስጣት፣ ያቺ ሴት ባትሻገር ኖሮ ዛሬ በሰው እንጀራ ገብቼ ነበር።

በቀጥታ እስክንድር ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ በላይ ከኋላዬ ተከተለኝ።

«የጋሼ በላይ ተራ ያለፈባቸው የሁለቱ ቀናት ጥፋት የእኔ ነው» አልኩ። «ስልኩ ከታች ይህን ያህል ቦታ የእኔ ነው ብሎ ለአፑ ይናገራል። መጠኑን ጠይቄ በተኑን ያን ያህል ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ከላይ ለአርማው ጠይቄያለሁ፣ ከታች ለሰው አልጠየቅኩም። የሌሎቹንም የኩኩ ደንበኞች ያለፈ ተራ እይልኝ።»

እስክንድር መዝገቡን ገለጠ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ የበላይን ሁለት «ያለፈው» ምልክቶች ሰረዛቸው።

«ጋሽ በላይ፣ በእሷ ላይ አቤቱታ ካለህ አሁን ተናገር፤ እጽፈዋለሁ» አለ።

አንገቴን ደፋሁ። የሚለው ሁሉ የሚገባኝ ነበር።

«በእሷ ላይ?» አለ ጋሼ በላይ። «ሦስት ቀን ደወልኩ፣ ሦስቱንም ቀን አነሳች። የማኅበሩን ቢሮ ስንቴ ደውዬ ያነሳልኝ አልነበረም። እንደሱ ብለህ ጻፍ።»

እስክንድር አልጻፈም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ኮዱን አርሜ፣ ከመልቀቄ በፊት በነጋታው መጀመሪያ ወስጄ የሞከርኩት ኩኩ ቤት፣ ቀጥሎ አሪፋ ቤት ነው። እስካሁንም የምሞክረው እነሱ ጠረጴዛ ላይ፣ በሹፌሮቹ ስልክ ነው። ስልክ ሲደወልም አነሳለሁ፤ አሁን ግን እሰማለሁ።