በእንቁ ክንድ ላይ የሚነቀሰው ቃል

ገነነ በልጅነቱ ከካቶሊኮች ትምህርት ቤት ላቲን ተምሯል፤ አሁን ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ያስተምራል። የቀድሞ ተማሪው እንቁ ከኢንተርኔት ቤት የገለበጠችውን ቁራጭ ወረቀት ይዛ መጣች። ክንዷ ላይ ሊነቅስላት የነበረው የባሕር ዳር ነቃሽ፣ «የማላውቀውን ቋንቋ ሳታጣሪ አልነቅስም» ብሏታል።

«ሬኩዊዬስካት ኢን ፓቼ» ሲል አነበበ። ፊደሉን አንድ በአንድ አየ፤ ስሕተት የለበትም።

«ቃል በቃሉ ‹በሰላም ይረፍ› ነው። እኛ ዘንድ የሚቀርበው ግን ‹ነፍስ ይማር› ነው» አለና ከሥሩ ጻፈላት። «ለማን ነው?»

«ለባምላኩ።»

ወንድሟ ነው፤ ሊቢያ ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ገነነ ደነገጠ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ለሞተ ሰው ነው የሚባል! አታሟርቺበት፤ ሌላ እፈልግልሻለሁ።»

«ሞቷል፣ ጋሼ። አብሮት ጀልባ የተሳፈረው ልጅ አምና ደወለልኝ። እናቴን ማን ያርዳት?» ወረቀቱን መለሰችለት። «አማርኛውን ይቅደዱልኝ፤ እናቴ ዳዊት ትደግማለች፤ ካየችው ታነበዋለች።»

መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገር። ይህች ልጅ ግን ዓመት ሙሉ ብቻዋን ይዛው ኖራለች። ገነነ አማርኛውን ቀደደላት።

ከወር በኋላ እናትና ልጅን ገበያ አገኛቸው። እናትየዋ የእንቁን እጅጌ ሰብስበው ንቅሳቱን አሳዩት።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት አሉ ያነበቡላት። ለባምላኩ ነው አለችኝ። ምን ይላል?»

እንቁ መሬት መሬት አየች።

«ጸሎት ነው፣ እመይቴ» አለ ገነነ።

«አሜን፣ በደኅና ይመልስልኝ» አሉና ጎንበስ ብለው ክንዷን እንደ መስቀል ተሳለሙት።