እኩል ሰዓት

የሆስፒታሉ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ማይኩን መታ መታ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። ለሊቀመንበርነት የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው፤ ሽማግሌው ፋርማሲስትና ነርሷ። ነርሷ ታናሽ እህቱ ናት። «ለሥጋው አደላ» እንዳይባል ፈርቶ አወያይ ከውጭ አስመጥቷል፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚሠራውን አያውቅም።

«አወያያችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከሁለቱም ጋር ዝምድናም ጥቅምም የላቸውም» አለ። ዳኛዋ ብድግ ብለው እጅ ነሡ።

«ደንቡን ልንገራችሁ» ሲል ጸሐፊው ቀጠለ። « ለመክፈቻ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ ለመልስ አንድ አንድ ደቂቃ። ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር ቢጫ ካርድ ይታያል፤ ቀይ ሲታይ ማይክ ይዘጋል። ጭብጨባ የተናጋሪውን ሰዓት ይበላልና እስከ መጨረሻው አቆዩልን። በዕጣው መሠረት እሳቸው» ብሎ ወደ ፋርማሲስቱ አመለከተ፤ «ይጀምራሉ፣ ከዚያ እሷ ትቀጥላለች። እሳቸው ሲናገሩ እሷ አታቋርጥም።»

ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ከኋላ ያሉት የጽዳትና የልብስ ማጠቢያ ሴቶች አልሳቁም። ነርሷን ለውድድር ያቆሟት እነሱ ናቸው፤ ልጆቻቸው የሚሆኑ ሐኪሞች «አንቺ፣ ነይ ይሄን ጥረጊ» ማለታቸው ቀርቶ በአንቱታ እንዲጠሯቸው ፈልገው።

ዳኛዋ ማይኩን ተቀበሉ። «ሰዓቱ እኩል ከሆነ አጠራሩም እኩል ይሁን። እዚህ መድረክ ላይ ሁለቱም አንቱ ይባላሉ። ይስማማሉ?» ብለው ወደ ነርሷ ዞሩ።

ወንድሟ ላብ በላብ ሆነ። አሳድጎ ያስተማራት እሱ ነው፤ በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አልቻለችም። አፏ ቀደማት።

«ግድ የለም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። አንቺ ብባል ምንም አይመስለኝም። ክብር በአጠራር አይደለም።»

«እንደ ፈቃድዎ» አሉ ዳኛዋ፤ የፋርማሲስቱንም ሰዓት አስጀመሩ።

ተራዋ ሲደርስ ስለ ጓንት እጥረት፣ ስለ ተረኞች ማረፊያ ተናገረች። የአንቱታው ነገር ጋ ስትደርስ ግን ዘላው አለፈች። ቢጫው ካርድ ሳይታይ ጨርሳ ስትቀመጥ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

ተሰብሳቢው እንዲጠይቅ ተፈቀደ። ትናንት «እርስዎ» ይላት የነበረ የካርድ ክፍል ጎረምሳ ተነሣ። «አንቺ ከተመረጥሽ ለእኛ ምን ታደርጊያለሽ?» አለ። ክፋት የለውም፤ የፈቀደችለትን ነው የተጠቀመው። ዳኛዋም አላረሙትም። እሷ ግን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች።

ቀጥለው ከማጠቢያ ክፍል አንዲት እማማ ተነሡ።

«ሲስተር፣ ነገ ዋርድ ስገባ ‹አንቺ› ቢሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? እርስዎ የተናገሩትን እኮ ሁሉም ሰምቷል።»

«ለመልስ አንድ ደቂቃ አለዎት» አሉ ዳኛዋ።

ነርሷ ተነሣች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለች። የቀረውን ጊዜ አንገቷን ደፍታ ቆመች።